የ214 ገፅ ጥናት፣ የሁለት ገፅ ሜሞ እና የግንቦት ወተት

(ለኅብረት ሥራ ዩኒየን የሂሳብና የፕላን ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በፅሁፍ ስለጠየቃችሁኝ እንደተናገርኩት አርጌ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አማካሪ ድርጅት ሠርቶ የሰጠንን ረጅም የአዋጭነት ጥናት አንብበን ለቦርድ የምንፅፋት የማጠቃለያ ሜሞ። ይሄን ሥራ አብዛኞቻችን ሰርተነዋል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐሙስ ማታ ይሰጠንና ቅዳሜ ጠዋት ቦርዱ ይሰበሰባል። እኔ በአንድ የወተት ዩኒየን ውስጥ የገጠመኝን ይዤ ነው የምሄደው። ዩኒየኑን በስም አልጠራውም፣ ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ነገሩ ግን እንዳለ ነው።

ዩኒየኑ የወተት ማቀነባበሪያ ሊተክል ፈልጎ አማካሪ ቀጠረ። ጥናቱ ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ተረከብነው፣ 214 ገፅ ነው፣ ከዛ ውስጥ ከ70 በላይ ገፁ አባሪ። ሐሳቡ በቀን 20,000 ሊትር ወተት የሚያቀነባብርና በላስቲክ የሚያሽግ ፋብሪካ ነው፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ። ማሽኑ ከውጪ የሚገባ ሆኖ 1.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሕንፃውና ማቀዝቀዣ መኪናው 45 ሚሊዮን ብር፣ የሥራ ማስኬጃው 12 ሚሊዮን። ጥናቱ ዶላሩን በ57 ብር አባዝቶ ጠቅላላውን 125.4 ሚሊዮን ብር ብሎታል። መደምደሚያው ያው የምታውቁት ነው፣ «ፕሮጀክቱ በፋይናንስም በቴክኒክም አዋጭ ነው»።

ያኔ የመጀመሪያዋን ሜሞ ስፅፍ ያደረግኩት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ምዕራፍ አንድን ወደ ግማሽ ገፅ፣ ምዕራፍ ሁለትን ወደ ግማሽ ገፅ፣ እያልኩ እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ ሄድኩና ከነሰንጠረዡ 11 ገፅ ሆነች። አጀማመሯ እንዲህ ነበር፦ «ይህ የአዋጭነት ጥናት የተዘጋጀው የዩኒየኑን አባላት የገበያ ትስስር ለማጠናከርና የወተት ሀብት ልማትን ለማሳደግ ታስቦ ሲሆን፣ ጥናቱ የገበያ፣ የቴክኒክ፣ የአደረጃጀት፣ የአካባቢ ተፅዕኖና የፋይናንስ ትንተናዎችን አካቷል።» ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ቦርዱ ምን እንዲወስን እንደተጠየቀ የለም፣ ስንት ብር እንደሆነ የለም። የቦርድ አባሎቻችን ደግሞ ወተት አምራች ገበሬዎች ናቸው፣ ጠዋት ላም አልበው ነው ስብሰባ የሚመጡት።

ስብሰባው ላይ ሜሞዋን ሳቀርብ አንድ አዛውንት አባል እስከመጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ግን በጾም ወተቱን ለማን ነው የምንሸጠው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። 11 ገፅ ፅፌ ጾም የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። ቦርዱ ውሳኔውን አሳደረው፣ እኔም ጥናቱን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ፣ መልሱ ጥናቱ ውስጥ ነበር፣ ገፅ 143 ላይ፣ አባሪ ውስጥ፣ የባለ ሱቆች መጠይቅ ላይ «በጾም ወቅት ሽያጭዎ ስንት ይሆናል» ለሚለው ጥያቄ አብዛኞቹ «ግማሽ» ብለው መልሰዋል። አማካሪው ጠይቋል፣ መዝግቧል፣ ግን ያ መልስ ወደ ፋይናንስ ምዕራፉ አልገባም።

ይሄ ለምን እንደሚሆን ማወቅ አለብን፣ አማካሪውን ለመውቀስ ሳይሆን ለቀጣዩ እንዲጠቅመን። የአዋጭነት ጥናት ባብዛኛው የሚሠራው ባንክ ብድር እንዲሰጥ ነው፣ ስለዚህ በራሱ ፊት ለፊት ያለችው ማጠቃለያም ባንኩን ለማሳመን የተፃፈች ናት። ቦርዱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ቦርዱ ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ፣ ሳይሳካ ቢቀር ማን እንደሚከፍል፣ እና ዛሬ መወሰን ያለበት ስንቱን እንደሆነ ነው። ስለዚህ የአማካሪውን ማጠቃለያ አሳጥሮ ሜሞ ማድረግ የባንኩን ደብዳቤ ለቦርዱ መላክ ማለት ነው። ደግሞ ያቺ ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ ከረቂቁ ጋር ተፅፋ ቁጥሮቹ ኋላ ሲስተካከሉ እሷ ሳትስተካከል ትቀራለች። የኛው ጥናት ማጠቃለያ ላይ ሠራተኛ 64 ይላል፣ የደሞዝ ሰንጠረዡ ላይ 78 ነው። አንድ ቁጥር መርጣችሁ ማጠቃለያው ላይ፣ ምዕራፉ ውስጥና ሰንጠረዡ ላይ ፈልጉት፣ ሶስቱ ካልተስማሙ ማጠቃለያዋን አስቀምጧትና ከሰንጠረዡ ጀምሩ።

ሁለተኛ ጊዜ ጥናቱን ሳነብ ከምዕራፍ አንድ አልጀመርኩም። በቀጥታ የሄድኩት ግምቶቹ ወደተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ነው፣ ገፅ 61 ላይ። እያንዳንዱ ጥናት ይቺ ሰንጠረዥ አለችው፣ የምንዛሪ ተመን፣ የጥሬ ወተት መግዣ፣ መሸጫ፣ ወለድ፣ ፋብሪካው በስንት ፐርሰንት አቅሙ እንደሚሠራ። ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ፃፍኩ፣ ይሄ ቁጥር የተወሰደው መቼ ነው? ሌላ ምንም ጥያቄ የለም። እና ከዛ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ቁጥሮች ወጡ።

የመጀመሪያው ዶላሩ ነው። 57 ብር ያለው ጥናቱ ሲሠራ ትክክል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን አለ፣ ቦርዱ እንደገና ሊሰበሰብ በነበረበት በኅዳር 2017 ደግሞ ዶላሩ ባንክ ውስጥ 120 ብር ገደማ ደርሷል። ማሽኑ በዶላር ያው 1.2 ሚሊዮን ነው፣ በብር ግን 68.4 ሚሊዮን የነበረው 144 ሚሊዮን ሆነ። ሌላው ሁሉ አንድ ብር ባይጨምር እንኳን ጠቅላላው ከ125.4 ወደ 201 ሚሊዮን ይሄዳል። ጥናቱ ገና ስድስት ወር እንኳን ሳይሞላው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሽያጩ ነው፣ ይሄኛው ከዶላሩ በላይ አስደንግጦኛል ምክንያቱም ማንም ዜና ላይ አይነግራችሁም። ጥናቱ በቀን 18,000 ሊትር ይሸጣል ብሎ አግኝቶ ለጥንቃቄ ብሎ ወደ 16,000 ዝቅ አርጎታል፣ ማለትም 80 ፐርሰንት አቅም። የገበያ ጥናቱ መቼ ተደረገ ብዬ የመጠይቆቹን ቀን ሳይ፣ ግንቦት 2016። በዛ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው የዋለው። ግንቦት ሙሉ በሙሉ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳን የማይጾምበት፣ ሁለት ወር ገደማ ወተት ያልቀመሰ ሰው ሁሉ የሚጠጣበት። በዓመቱ ውስጥ ወተት በደንብ ከሚሸጥባቸው ሳምንታት አንዱን ወስዶ ዓመቱን ሙሉ እንደዛ ነው ብሎ አባዝቷል። እኛ አካባቢ ደንበኛው ባብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሐዋርያትም ረቡዕና ዓርብም ሲደመሩ ለምዕመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናል፣ ግማሽ ዓመት። ላሟ ደግሞ አትጾምም፣ ወተቱ በየቀኑ ይመጣል።

እንግዲህ እናስላው፣ ቀስ ብለን። ከአንድ ሊትር ላይ ጥሬ ወተቱ፣ ላስቲኩ፣ መብራቱና ማጓጓዣው ተቀንሶ 14 ብር ይተርፋል ይላል ጥናቱ፣ እሱን እንቀበል። ቋሚ ወጪው፣ ማለትም ደሞዝ ጥገና አስተዳደር፣ በዓመት 28 ሚሊዮን ነው። ብድሩ 75 ፐርሰንት ሆኖ በ15 ፐርሰንት ወለድ በ7 ዓመት የሚከፈል ነው። በድሮው ዶላር የዓመቱ የብድር ክፍያ ወደ 22.6 ሚሊዮን ይመጣል፣ ከቋሚ ወጪው ጋር 50.6፣ ለ14 ስናካፍለው ሳንከስር ለመቆም በቀን 12,000 ሊትር ገደማ መሸጥ አለብን፣ 60 ፐርሰንት አቅም። 80 እንሸጣለን ለሚል ሰው ይሄ ሰፊ ክፍተት ነው። በአዲሱ ዶላር የብድር ክፍያው 36 ሚሊዮን ይሆናል፣ ከቋሚ ወጪው ጋር 64፣ አሁን ሳንከስር ለመቆም 15,200 ሊትር ገደማ ይፈለጋል፣ 76 ፐርሰንት። በጾም ግማሽ በፍስክ ሙሉ ስንሸጥ ደግሞ አማካዩ 18,000 እና 9,000 ተደምሮ ለሁለት ነው፣ 13,500 ሊትር፣ 67 ፐርሰንት ተኩል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው እና ቆም ልበል። ዶላሩ ብቻ ቢቀየርና ሽያጩ ጥናቱ እንዳለው 16,000 ቢሆን በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ይተርፈናል፣ ትንሽ ናት ግን አንከስርም። ጾሙ ብቻ ቢገባና ዶላሩ በ57 ቢቆይ ወደ 6 ሚሊዮን ይተርፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን በዓመት ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ እንከስራለን። የጥናቱ ሴንሲቲቪቲ ትንተና ገፅ 118 ላይ አለ፣ ወጪ በ20 ፐርሰንት ቢጨምር አዋጭ ነው፣ ሽያጭ በ10 ፐርሰንት ቢቀንስ አዋጭ ነው፣ ይላል። ውሸት አይደለም። አንድ በአንድ ነው የነካካው፣ ሁለቱን አብሮ አልሞከረም። አብዛኞቹ ጥናቶች እንዲሁ ናቸው፣ ስለዚህ ያንን ሰንጠረዥ ስታዩ «ከነዚህ ውስጥ በአንድ ዓመት አብረው ሊመጡ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው» ብላችሁ ራሳችሁ በኤክሴል ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሯቸው። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ከዛ በኋላ ሜሞዋን እንደገና ፃፍኳት፣ ሁለት ገፅ። መጀመሪያዋን ላንብብላችሁ፦

«ቦርዱ ዛሬ እንዲወስን የምንጠይቀው አንድ ጉዳይ ነው፦ 20,000 ሊትር የሚያቀነባብረው ማሽን ግዢ እንዲቆይና በምትኩ ለሦስት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች የወተት ማቀዝቀዣ ታንከር መግዣ 9 ሚሊዮን ብር እንዲፈቀድ። ጥናቱ ፋብሪካውን አዋጭ ይለዋል (ገፅ 9)፣ ያ ግን በ57 ብር ዶላር (ገፅ 61) እና በግንቦት ወር በተለካ ሽያጭ (ገፅ 143) ነው። በዛሬው ዶላርና የጾም ሽያጭ ሲገባ ፋብሪካው በዓመት 7 ሚሊዮን ብር ገደማ ይከስራል። ከዩኒየኑ ኪስ የሚፈለገውም 31 ሚሊዮን የነበረው 50 ሚሊዮን ሆኗል፣ በእጃችን ያለው 34 ሚሊዮን ነው።»

ይቺን ብቻ አንብቦ የተነሳ የቦርድ አባል መወሰን ይችላል። ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ብሩ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ እና ከጥናቱ ከተወሰደው ቁጥር ሁሉ ጎን ገፁ አለ። የገፅ ቁጥሩን ነገር አደራ እላለሁ። አንድ አባል «ይሄን ከየት አመጣሽው፣ ከየት አመጣኸው» ሲል ጥናቱን ከፍቶ ማሳየት ነው፣ ክርክሩ እዛው ያልቃል። ገፅ የሌለው ቁጥር ካለ ደግሞ እኛ ያሰላነው ነው ማለት ነው፣ እሱንም «የፕላን ክፍል ስሌት» ብላችሁ ፃፉት፣ የአማካሪው እንዳይመስል። የኛ ሜሞ ላይ ከኪሳራው ቁጥር ስር እንዲህ ብዬ ነበር የፃፍኩት።

የቀረው አንድ ገፅ ተኩል ላይ የገቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አራቱን ስሌት በአንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ አስቀመጥኩ፣ ድሮ ዶላርና አዲስ ዶላር ወደ ጎን፣ የግንቦት ሽያጭና የጾም ሽያጭ ወደ ታች። ከኪሳራው በቀር ሦስቱ ሳጥኖች ትርፍ ናቸው፣ አንዷ ብቻ ኪሳራ፣ ያቺንም ቦርዱ በዓይኑ እንዲያያት። ከዛ ሌሎቹን አማራጮች በሁለት በሁለት ዓረፍተ ነገር፦ በ10,000 ሊትር መጀመር፣ ወይም በጾም የሚተርፈውን ወተት ወደ ቅቤ መለወጥ። ቅቤው ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ለፋሲካ ዋጋው ይወጣል፣ ግን አንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል፣ ማስቀመጫ ቀዝቃዛ ክፍሉም በጥናቱ ወጪ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ሳይሰላ አይቀርብም ብዬ ፃፍኩ። ታንከሩን ለምን መረጥን ለሚለው፣ ፋብሪካው ተተከለም አልተተከለም ወተቱ ቀዝቅዞ መሰብሰቡ አይቀርም፣ አሁን ጠዋት የታለበው ከሰዓት እየጎመዘዘ የሚመለስብን አለ፣ ገንዘቡ አይባክንም።

ምን ወጣ ካላችሁ፣ የወረዳው የሕዝብ ብዛትና የአየር ንብረት ወጣ፣ የዘርፉ አገራዊ ፋይዳ ወጣ፣ የድርጅት መዋቅሩ ቻርት ወጣ፣ የአካባቢ ተፅዕኖው የእጥበት ውሃው የት እንደሚፈስ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ ቀረ። የውስጥ ትርፍ ምጣኔውን፣ አይ አር አር የምንለውን፣ አወጣሁት። 24 ፐርሰንት ይላል ጥናቱ፣ ግን ያ ፐርሰንት የተሠራው በነዛ ሁለት ቁጥሮች ላይ ስለሆነ እሱን ፅፎ ከስር ትክክል አይደለም ማለት ሰውን ማደናገር ነው። «የድሮው ምጣኔ ከአሁን በኋላ አይሠራም፣ አማካሪው እንዲያስተካክል ተጠይቋል» ብዬ አለፍኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የማናውቀውን ነገር ሜሞ ላይ ማስቀመጥ። የጾሙ ግማሽ የሚለው የባለ ሱቆች አፍ ነው እንጂ በደረሰኝ የተለካ አይደለም። 14 ብሩም ይጠባል ብዬ እፈራለሁ ምክንያቱም የማሸጊያው ላስቲክ ጥሬ ዕቃም በዶላር ነው የሚገባው። እነዚህን «ስጋቶች» በሚል ርዕስ ስር ደርድሮ መተው ይቻላል፣ ቦርዱ ግን ከዛ የሚያገኘው ነገር የለም። እኔ የፃፍኩት በዚህ መልክ ነው፦ «በጾም የሚሸጠው ግማሽ ሳይሆን ሦስት አራተኛው ቢሆን አማካዩ 15,750 ሊትር ይሆናል፣ ፋብሪካው አይከስርም። ስለዚህ በነቢያት ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ የ20 ሱቆች ሽያጭ በየቀኑ ተመዝግቦ ለቦርዱ ይቀርባል።» አያችሁ፣ ያላወቅነው ነገር ውሳኔውን የት ቦታ ላይ እንደሚገለብጠው ተነገረ፣ መቼና በምን እንደምናውቀውም ተነገረ። አንድ ቁጥር ሲያጠራጥራችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ ውሳኔው የሚቀየርባትን ነጥብ ፈልጉ፣ ካልቀየረው ሜሞ ላይ አታስገቡት።

ስለ ቃላቱም ትንሽ ልበል። «በመርህ ደረጃ ቢፈቀድ» የሚባለውን አትፃፉ፣ ምን እንደተፈቀደ ማንም አያውቅም፣ ኋላ አንዱ ማሽን ያዛል ሌላው አልተፈቀደም ይላል። ስንት ብር፣ ለምን፣ እስከመቼ፣ ማን ይፈፅማል፣ እነዚህ አራቱ ካሉ ቃለ ጉባኤ ያዡ ከሜሞዋ ላይ እንዳለ ይገለብጠዋል። እኔ አሁን የውሳኔውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ ቋንቋ ፅፌ ነው ሜሞዋን የምጀምረው።

ስብሰባው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተደረገ። ሜሞዋ ከአራት ቀን በፊት ደርሳቸዋለች፣ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሁለት አባላት ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄደን በቃል ነግረናቸዋል፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን የስብሰባውን ግማሽ ሰዓት ያቀልላል። እኚያ አዛውንት አባት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሰንጠረዧ ነበር፣ ኪሳራ ያለባትን ሳጥን በጣታቸው እየነኩ «ይቺኛዋ ላይ ነው ያለነው ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ሰው ደግሞ ማሽኑን በብር የሚሸጥ አቅራቢ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ፕሮፎርማ እንድናመጣ ተባለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ታንከሩ ተፈቀደ፣ የማሽኑ ግዢ እስከ ጥር እንዲቆይ ተወሰነ።

ጥር ላይ የሃያዎቹ ሱቆች ምዝገባ መጣ። በነቢያት ጾም የተሸጠው በፍስክ ከሚሸጡት 58 ፐርሰንት ነበር፣ ሱቆቹ ካሉት ይሻላል፣ ከሦስት አራተኛው ግን ያንሳል። ሜሞዋ ላይ የቀየርኩት ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ የጾሙን ሽያጭ፣ አማካዩን፣ እና የኪሳራውን መጠን። አማካዩ 14,200 ሊትር ገደማ ወጣ፣ ኪሳራው ወደ 4 ሚሊዮን ወረደ፣ እና ቦርዱ አማካሪው በ10,000 ሊትር እንደገና እንዲያሰላ ላከው።